ዘጠነኛው አፍ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ አፍ እሥላለሁ እላለሁ። ሰው ይስቃል። እኔ ግን እውነቴን ነው። አሰላ ውስጥ ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ባለች ክፍል ተቀምጬ በኮምፒውተር አፍ እሥላለሁ፤ የሣልኩትን አፍ ከሰው ድምፅ ጋር አገጣጥማለሁ። ክፍሏ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ናት። ባልደረባዬ ሠርግ ይቀርጻል፣ ድምፅ ያስተካክላል። እኔ ጥግ ላይ ባለችው ጠረጴዛ ለትምህርት የሚሆኑ አጫጭር የካርቱን ፊልሞች እሠራለሁ፤ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ ክትባት። የተሣለው ገበሬ ይናገራል፣ የተሣለችው ሚስቱ ትመልስለታለች፤ የሁለቱም አፍ በእኔ እጅ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሥዕሉ ተሠርቶ ድምፁ ከላይ የሚጫን ይመስለዋል። የሚቀድመው ድምፁ ነው። ድምፁ ተቀርጾ፣ ጸድቶ ይሰጠኛል። እኔ ቃል በቃል እያዳመጥኩ በወረቀት ላይ እበትነዋለሁ። በአንድ ሰከንድ ሃያ አምስት ሥዕል ያልፋል፤ ስለዚህ ሠንጠረዥ አለኝ። በግራ በኩል የሥዕሉ ቁጥር፣ ቀጥሎ በዚያ ቁጥር ላይ የሚሰማው ድምፅ፣ ከዚያ የትኛው አፍ እንደሚገባ። ይህ ካልታቀደ ሥዕል አልጀምርም። ዕቅዱን ዘልዬ የሠራሁትን ሁሉ አፍርሼ ደግሜ ሠርቻለሁ።

አፎቹ ስምንት ናቸው። ሙያውን የተማርኩት ከኢንተርኔት ስለሆነ መጀመሪያ ያገኘሁት ሠንጠረዥ ለፈረንጅ አፍ የተሠራ ነበር፤ መስታወት ፊት ቁጭ ብዬ ፊደላችንን አንድ በአንድ እያልኩ ለራሳችን አመቻቸሁት። አንደኛው ያረፈ አፍ ነው፤ ሰው ሳይናገር ሲቀር ላላ ብሎ የተዘጋ። ሁለተኛው ለም፣ ለብ፣ ለፕ እና ለጵ፤ ከንፈር ከከንፈር ጥብቅ። ሦስተኛው የታች ከንፈር ከላይኛው ጥርስ ሥር ገባ የሚልበት፣ ለፍ። አራተኛው እንደ ላ፣ እንደ ማ ላሉት፣ አገጭ ወርዶ በሰፊው የተከፈተ። አምስተኛው ገርበብ ብሎ ጥርስ ብልጭ የሚልበት፤ ለስ፣ ለት፣ ለን፣ ለክ፣ ለሌሎችም ብዙዎች የሚያገለግል ታታሪ አፍ ነው። ስድስተኛው ወደ ጎን የተለጠጠ፣ እንደ ሊ እና ሌ ላሉት። ሰባተኛው የሞጠሞጠ፣ ለሉ፣ ለሎ፣ ለወ። ስምንተኛው ምላስ ወደ ላይ ተነስታ የምትታይበት፣ ለል።

ስጀምር ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ አፍ ሰጥቼ ነበር። ገበሬዬ ቆሎ የሚቆረጥም መሰለ። ቀስ እያልኩ ሰው ሲናገር አፉ ሁሉንም ፊደል እንደማይቆጥር ገባኝ። አንዱን ይዘላል፣ ሌላውን ያዋህዳል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ ጉሮሮና ምላስ ውስጥ ይፈነዳሉ እንጂ ከንፈር ላይ ብዙ አይታዩም። የማይዘለል ግን አለ። ም እና ብ ላይ ከንፈር ካልገጠመ ተመልካች ምን እንደጎደለ ባያውቅም የሆነ ነገር ይጎረብጠዋል። ስለዚህ የተዘጋው አፍ ቢያንስ ሁለት ሥዕል ያህል ይቆያል። አፉ ደግሞ ድምፁን አንድ ወይም ሁለት ሥዕል ይቀድመዋል፤ ሰውም ከመናገሩ በፊት አፉን ያዘጋጃል። ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ኩራት ያዘኝ። በስምንት አፍ የማላናግረው ፍጥረት የለም እል ነበር። ባልደረባዬ አፈኛዋ እያለ ያሾፍብኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ከሳጉሬ በኩል አንዲት ሲስተር መጣች። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ ፈጣንና ቀጥተኛ። ምጥ የያዛት ሴት በጊዜ ሐኪም ቤት እንድትደርስ የሚመክር ፊልም ፈለገች። የፈጠራ ታሪክ አላመጣችም። ልጃቸው በወሊድ የሞተችባቸው አንዲት እናት የሆነውን በራሳቸው አንደበት ሊናገሩ ፈቅደዋል። እናትየው ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ሲስተር እሳቸው እንዳሉት አድርጋ ነገረችኝ።

«ፊቴን አታሳዩ፤ ሌላ ሴት ሣሉበት። ድምፄን ግን አትንኩ። ድምፄን አገሩ ያውቀዋል።»

ምክንያታቸውንም ነገረችኝ። ልጅቱ ከሞተች ወዲህ አገሩ የሚወቅሰው ባሏን ነው። ሐኪም ቤት አልወስድም ብሎ ገደላት ይሉታል። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ሰው አጠገቡ አይቀመጥም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ በእሱና በቀጣዩ ሰው መካከል ሁልጊዜ ክፍት ቦታ አለ። እሱም መልሶ አያውቅም። እቤት ትውለድ ብለው የከለከሉት ግን እናትየው ነበሩ። እሱ መኪና ሊጠራ ሲወጣ በር ላይ የመለሱት እሳቸው ናቸው። አማቱን በሰው ፊት አላሳፍርም ብሎ ዝም አለ። እሳቸውም በሰው ፊት ለመናገር ስንት ጊዜ ተነስተው ስንት ጊዜ ተቀመጡ። ፊታቸው ሳይታይ፣ ለማሽን ከሆነ፣ እችላለሁ አሉ። ፊልሙ ለሌላው ሰው ስለ ወሊድ ነበር። ለእሳቸው ግን የዚያን ሰው ስም ማንጻት ነበር። ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር።

ድምፁ የተቀረጸ ዕለት እኔ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ። ባልደረባዬ ብቻውን ሄዶ ጤና ጣቢያው ውስጥ ቀረጸ። ሲመለስ እንደ ልማዱ አጸዳው። ሠርግ ላይ የሽማግሌ ምርቃት ሲያስተካክል ሳሉን፣ ጉሮሮ መጠረጉን፣ በቃል መካከል የሚገባውን ትንፋሽ ሁሉ ይቆርጣል፤ ምርቃቱ ጥርት ይላል፣ ባለሠርጉም ይደሰታል። የእናትየውንም ድምፅ እንደዚያው ጥርት አድርጎ ሰጠኝ።

አዳመጥኩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ኦሮምኛ ያለዘበው አማርኛ ነው። ምጡ ከጠዋት እንደጀመረ፣ ዝናብ እንደነበረ፣ ልጅቱ ውሃ እንደጠየቀች ተናገሩ። አንድ ቦታ ላይ፣ «እቤት ትውለድ ተባለ፤ ቀረች» አሉ። ማን እንዳለ አልተናገሩም። ሲስተርም ጠየቀች፦

«እቤት ትውለድ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሁለት ሰከንድ ያህል ባዶ፣ ቀጥሎ የሲስተር ሌላ ጥያቄ። ሠንጠረዤ ላይ «ዝም» ብዬ ጻፍኩና አንደኛውን አፍ፣ ያረፈውን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰጠሁት። መጨረሻ ላይ አቅቷቸዋል ብዬ አዘንኩላቸው። ደግሞም፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። ዝምታው አማረኝ። ዓይናቸውን ወደ መሬት ዝቅ አደረግሁት፣ ሽፋሽፍታቸውን አንዴ ጨፈንኩት፣ አንዲት እንባም ጨመርኩ። ከሠራሁት ሁሉ ጥሩው ቦታ ይሄ ነው ብዬ ለባልደረባዬ አሳየሁት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሲስተር ደውዬ «እዚህ ጋ ምን ብለው ነበር?» ብዬ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አልደወልኩም።

ከሕዝቡ በፊት እሳቸው ማየት ነበረባቸውና ፊልሙ እንዳለቀ አንድ ማለዳ ከሳጉሬ በሚኒባስ መጡ። ጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ሲስተር ይዛቸው ወጣች። አማቻቸው፣ ያው የልጅቱ ባል፣ አብሮ መጥቷል፤ እሳቸው ግን «እሱ ታች ይቆይ» ስላሉ ጎሚስታው በር ላይ ቀረ። በመስኮት አየሁት። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው፣ ጋቢውን ጥብቅ አድርጎ ከግድግዳው ተጠግቷል።

እናትየው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል። በዚያ አካባቢ ትልልቅ ሴቶች እንግዳ ፊት እንዲህ ነው የሚቀመጡት። ፊልሙን ጀመርኩላቸው። የተሣለችው ሴት ስትናገር ዓይናቸው በራ።

«ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔው ነኝ እኮ።»

እኔም ልቤ ሞላ። ጥያቄው ደረሰ። የተሣለችው ሴት ዓይኗን ሰበር አደረገች፣ እንባዋ ወረደ፣ አፏ እንደተዘጋ ቆየ። ሲስተር ግንባሯን ቋጠረች።

«መልሺው» አሉ እናትየው።

መለስኩት።

«አሁንም መልሺው።»

ሦስተኛ ጊዜ ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ አፌን ለምን ዘጋሽው?»

«እማማ፣ እዚህ ጋ ዝም ስላሉ ነው። ዝምታዎ ራሱ ይናገራል ብዬ ነው።»

«እኔ ዝም አላልኩም።»

«መልሰዋል እኮ» አለች ሲስተር። «እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።»

«ምን ብለው?»

ሲስተር አላብራራችም። ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ያ ሁላችንም ቀኑን ሙሉ የምናደርገው ነገር ነው። በላሽ ወይ ስንባል፣ ሰማሽ ወይ ስንባል፣ ደህና ናቸው ወይ ስንባል፣ አዎ ለማለት አየር ወደ ውስጥ እንስባለን።

ፊቴ ጋለ። ስሳሳት የምከራከር ሰው ነኝ፤ እናቴም በዚህ ታውቀኛለች። «ይሄ እኮ ቃል አይደለም» አልኩ። «ትንፋሽ ነው። ፊደል የለውም። ፊደል የሌለውን በምን አፍ ልሥለው? በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለም።» ባልደረባዬ ጫማውን ያያል። እኔ እየቀጠልኩ ነው። ስለ ድምፅ ማጽዳት፣ ስለ ሃያ አምስት ሥዕል፣ ማንም ስለማይጠይቀኝ ነገር ሁሉ አወራሁ። እናትየው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አፌን የዘጋሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

አውቄ አይደለም። ሁሉም ሲያዩኝ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። አዎ የሚለውን ቃል ወደ ውጭ የምገፋበት አቅም አልነበረኝም። ያ ትንፋሽ ግን ሳልጠራው መጣ። እሳቸውም እንዲሁ ነበር የሆነባቸው። ለመናገር ዓመታት የታገሉትን ያን ነገር በመጨረሻ በዚህች ትንፋሽ ተናገሩት፤ እኛ ደግሞ ቆሻሻ ነው ብለን ጠርገን ጣልነው። ተነስቼ እጃቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር።

«ያላልኩትን ብትጨምሪብኝ ይሻል ነበር» አሉ። «አሁን ይሄን አገሩ ሲያይ፣ አያችሁ፣ ሲጠየቁ ዝም አሉ፣ አማቼን አልከዳም ብለው ነው ይላል። እሱ ላይ ሊቀር ነው።»

ልክ ነበሩ። እኔ የሣልኩት አፍ አንድን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ይፈርድበት ነበር።

ያልጸዳውን ድምፅ ጠየቅሁ። ባልደረባዬ ቀና ሳይል «የለም» አለ። የመቅረጫውን ካርድ ደምስሶ ሁሩታ ከተማ ለነበረ ሠርግ ተጠቅሞበታል። እንደገና መቅረጽ ነበረብን። እኔ ዛሬም ድረስ የማፍርበትን ሐሳብ አቀረብኩ።

«እማማ፣ አሁን አዎ ብቻ ቢሉልን? አንድ ቃል ናት። አፉም ግልጽ ሆኖ ይታያል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ ማለቱ ቢሆንልኝ ያኔ በሰው ፊት እለው ነበር። እኔ የወጣልኝ ይሄ ነው። ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ልጄ። ጠይቁኝና የሚወጣውን ውሰዱ።»

ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ማይክሮፎኑን ደገንን። ሲስተር ጥያቄዋን ልትጀምር አፏን ስትከፍት ታች ጎሚስታው የአየር መሙያውን አስነሳና ወለሉ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ባልደረባዬ እንዲያጠፉለት ሊለምን ወረደ። ጸጥ ሲል ተመለሰ፤ ከኋላው አማቻቸው ቆሟል። ምን እየተደረገ እንደሆነ ታች ጠይቆት፣ እሱም እንደገና ሊቀረጹ ነው ብሎ ነግሮት ኖሯል።

«እማ፣ ታመምሽ እንዴ?» አለ ከበሩ ላይ።

ወደ ታች ይመልሱታል ብዬ ጠበቅሁ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ግባ» አሉት። «ቁጭ በል። አንተም ስማ።»

በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ እኔ ደብተሬን ያዝኩና በጣም ቀስ ብዬ፣ «እማማ፣ እንዳልሳሳት አፍዎን ባየው፤ ሻሻቸውን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉልኝ?» አልኩ። ስደነግጥ አነጋገሬ ይበላሻል፤ አንቱታውን ሁሉ ቀላቅዬው ነበር። እሳቸው ግን ገባቸው። ሻሻቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱት። ለሳምንታት አፋቸውን ስሥል ቆይቼ አፋቸውን ያየሁት ያኔ ገና መጀመሪያዬ ነው። ከላይ ሁለት ጥርስ የለም። የግራው የከንፈር ጫፍ ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ሲስተር ጠየቀች። «እቤት ትውለድ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

እሳቸው ያዩት ማይክሮፎኑን አልነበረም። አማቻቸውን ነበር። ቅንድባቸው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ከንፈራቸው ጣት እንኳ የማታስገባ ያህል ተላቀቀ፣ ጫፎቹ ለትንሽ ወደ ኋላ ሄዱ፣ አገጫቸው ቀና አለ፣ አንገታቸው ሥር ያለው ጉድጓድ ገባ አለ። ትንፋሹ ተሰማ። ከዚያም ከንፈራቸው ተመልሶ ገጠመ፤ ጥብቅ ሳይል፣ እንደ ደከመው ሰው።

ባልደረባዬ የጆሮ ማዳመጫውን አነሳ። «ለማንኛውም አንዴ ቢደግሙልን» አለ፤ የሙያ ልማድ ነው፣ ሁልጊዜ ሁለት እንይዛለን።

«አንዴ ብላለች» አለ አማቻቸው። «በቃ። አትድገሙባት።»

ማንም አልደገመባቸውም። ደረጃውን ሲወርዱ እጃቸውን ይዞ ደገፋቸው። ታች ሲደርሱ ጋቢውን አውልቆ አለበሳቸውና ወደ መናኸሪያው ቀስ እያሉ ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ከመስኮቱ ሳያቸው የሚነጋገሩ አይመስሉም ነበር።

ዘጠነኛውን አፍ መሣል አራት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ አምስተኛውን፣ ገርበብ ያለውን፣ አስገባሁበት፤ ሴትዮዋ የደነገጠች መሰለች። ጠበብ አደረግሁት፤ ስቅታ ሆነ። ችግሩ አፉ ላይ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። አፍ ብቻውን ሲከፈት ድንጋጤ ነው። ቅንድብ ቀድሞት ሲነሳ ግን መልስ ይሆናል። ሌሎቹ አፎች ድምፁን በአንድና በሁለት ሥዕል ነው የሚቀድሙት፤ ይህ ግን በአራት ቀደመ፣ ምክንያቱም አየሩ ከመሳቡ በፊት በሩ ሊከፈትለት ይገባል። ስምንት ሥዕል ክፍት ሆኖ ቆየ፣ በስድስት ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ማረፊያው ተመለሰ። የግራውን ጫፍ ዝቅ አደረግሁት፤ እንድትመስላቸው ብዬ ሳይሆን ለእሳቸው ነው ያደረግሁት። እንባዋን አጠፋሁ። ዓይኗን ከመሬት አንስቼ ወደ ፊት፣ ልክ ሰው እንደምታይ አቀናሁት። ፊልሙ ለሌላ አካባቢ ወደ ኦሮምኛ ሲመለስ የሌላ ሴት ድምፅ ተቀርጾ አፉን ሁሉ እንደ አዲስ ማቀድ ነበረብኝ። እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ግን ምንም የምቀይረው አልነበረም፤ የእሳቸውን ትንፋሽ ከነአፉ እንዳለ ተውኩት።

በእሳቸው ድምፅ ያለው የአማርኛው ፊልም የታየው በገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ነው። መስኮቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንን። ሰው ከገበያ እንደወጣ ከነዕቃው ገባ፤ የገብስ ከረጢት የተደገፉ አሉ፣ ዶሮ የያዘች ሴት አለች። እናትየው ከሴቶቹ መሃል ተቀመጡ። አማቻቸው በወንዶቹ በኩል የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ነበር። በእሱና በቀጣዩ ሽማግሌ መካከል ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ክፍት ነው፤ ኋላ የቆሙ ሰዎች ግን ነበሩ።

ድምፁ እንደተጀመረ ሴቶቹ ተያዩ። አወቋቸው። እኔ ፊልሙን አላይም ነበር፤ ቁጥሩን በቃሌ ስለማውቀው ጥያቄው ሊደርስ ሲል ዓይኔን ወደ አግዳሚው አዞርኩ።

«እቤት ትውለድ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

ትንፋሹ በድምፅ ማጉያው ትልቅ ሆኖ ወጣ። ሰው ሲናገር የሚያዳምጥ ሁሉ ባገራችን እንደሚያደርገው፣ ከሴቶቹ በኩል አንዷ፣ ቀጥላ ሌላዋ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ሰማንሽ ማለት ነው። አማቻቸው ማንንም አያይም ነበር። ቅንድቡ ተነሳ። ከንፈሩ ተላቀቀ፣ አገጩ ቀና አለ፣ እሱም ሳበ። አራት ቀን ሙሉ መስታወት ፊት ስፈልገው የነበረው አፍ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን የሰጠው መልስ ይሄ ብቻ ነው።

አለቀስኩ፤ ጨለማ ስለነበር ማንም አላየኝም። ፊልሙ ሳያልቅ፣ ከጎኑ የነበሩት ሽማግሌ በሁለታቸው መካከል ያስቀመጡትን ከዘራ አነሱና ጉልበታቸው መሃል አደረጉት። ከዚያ ብድግ ብለው ተጠግተውት ተቀመጡ።